ቀድሞ የደረሰውና መጨረሻ የወጣው፦ የዕቁብ ተራ በብር ሲመዘን

አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ይጥላሉ። በየወሩ የሚሰበሰበው 24,000 ብር ለአንድ ሰው ይሰጣል። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ 24,000 ብር ጥሎ 24,000 ብር ወስዷል። በደብተሩ ላይ የተጎዳም የተጠቀመም የለም። ይሁን እንጂ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ ሱቅ ጀርባ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ሲናወጡ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ያየ ሰው፣ ተራው ልዩነት እንዳለው ይገባዋል። ልዩነት ባይኖረውማ ዕጣ ማውጣትም አያስፈልግም ነበር።

ይህ ዳሰሳ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሳል። እያንዳንዱ ተራ በብር ስንት ያወጣል? ከዚያ ተነስቶ አጥኚዎች ያሉትን፣ ስሌቱ የሚያሳየውንና ዕቁብተኞች ተራን ለማስተካከል የሚጠቀሙባቸውን መንገዶች ይመለከታል። ምሳሌው የተወሰደው በሶዶ ከተማ ነጋዴውም ደመወዝተኛውም ከሚያውቀው ወርሃዊ ዕቁብ ነው፤ ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው።

ተራ እንዴት ይወሰናል?

በዕቁብ ውስጥ ተራ የሚወሰንበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የተለመደው ዕጣ ነው፤ ያልደረሳቸው ሰዎች ስም በየወሩ እንደገና ይገባል፣ ወይም ገና በመጀመሪያው ቀን የሁሉም ተራ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በአንዳንድ ዕቁብ ሰብሳቢው ለድካሙ የመጀመሪያውን ተራ ያለ ዕጣ ይወስዳል። በሌላው ደግሞ ከየዙሩ ገንዘብ ላይ ጥቂት ይቆረጥለታል። ሠርግ፣ ሐዘን ወይም ሕመም የገጠመው ሰው በልመና ሲቀድም፣ የደረሰው ደግሞ ዕጣውን ለቸኮለ ሰው ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ ምሁራንንም ሲያነጋግር ቆይቷል። ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ማኅበራትን ገበሬውን ወደ ንግድ የሚያሻግሩ መካከለኛ ደረጃ አድርጎ ተመለከታቸው። ሸርሊ አርድነር በ1964 የብዙ አገሮችን ልማድ ጎን ለጎን አስቀምጣ አነጻጸረች። በአገራችን ደጀኔ አረዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት ዕቁብን ከዕድርና ከቁጠባና ብድር ማኅበራት ጋር አያይዞ ይመረምራል። ለተራ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቴፈን ኮትና ግሌን ላውሪ በዚያው በ1993 ያወጡት ሥራ ነው። መነሻቸው ቀላል ነው። አንድ ሰው ተከፋፍሎ የማይገዛ ዕቃ፣ ለምሳሌ የልብስ ስፌት መኪና፣ ለመግዛት ብቻውን ቢቆጥብ 12 ወር ይጠብቃል። ዕቁብ ቢገባ ከመጨረሻው ሰው በስተቀር ሁሉም ቀድሞ ይገዛል፤ የመጨረሻውም ብቻውን ቢቆጥብ ኖሮ በሚገዛበት ወር ይገዛል። በአማካይ የሚጠበቀው ጊዜ ከ12 ወር ወደ 6 ወር ተኩል ይወርዳል።

ይህ መከራከሪያ ልክ የሚሆነው የሚነጻጸረው ብሩን ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ጋር ሲሆን ነው። ሣጥን ወለድ አይከፍልም። ገንዘብ በጊዜ ውስጥ ዋጋ ካለው ግን፣ መጀመሪያ የደረሰው ከሌሎቹ ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል። በመሃል ያለው መጀመሪያ አበዳሪ፣ በኋላ ተበዳሪ ነው።

የተራ ዋጋ ሲሰላ

ለስሌቱ አራት ነገሮች ይበቃሉ። n የአባላቱ ቁጥር ነው፣ c የወር መዋጮ፣ k የሰውየው ተራ፣ r ደግሞ ለዚያ ሰው ገንዘብ በወር የሚያወጣው ዋጋ። ሁሉንም ነገር ዙሩ ወደሚያልቅበት ቀን አምጥተን ብናስተያይ፣ k-ኛው ሰው ከተራው የሚያገኘው ትርፍ ወይም ኪሳራ እንዲህ ነው፦

```
G(k) = n·c·(1+r)^(n−k) − c·((1+r)^n − 1)/r
```

የመጀመሪያው ክፍል የደረሰው ገንዘብ እስከ ዙሩ ፍጻሜ ቢሠራበት የሚደርስበት መጠን ነው። ሁለተኛው ክፍል መዋጮው በየወሩ ዕቁብ ውስጥ ባይገባና በዚያው r ቢሠራበት የሚደርስበት ነው፤ ይህ ክፍል ለሁሉም አባል እኩል ነው። ኤክሴል ላይ n በB1፣ c በB2፣ r በB3፣ ተራው በA6 ከተጻፈ ስሌቱ አንድ መስመር ብቻ ይፈልጋል፦

```
=$B$1*$B$2*(1+$B$3)^($B$1-A6)-FV($B$3,$B$1,-$B$2)
```

አሁን ቁጥር እናስገባ። ገንዘቡን በዕቃ ላይ አውሎ በወር ከመቶ 2 የሚያተርፍ ነጋዴ እንውሰድ። ለእርሱ r = 0.02 ነው። የአሥራ ሁለቱ ተራዎች ውጤት ይህን ይመስላል፦

```
 k      G(k) ብር
 1      +3,017
 2      +2,432
 3      +1,858
 4      +1,296
 5        +744
 6        +204
 7        −326
 8        −846
 9      −1,355
10      −1,855
11      −2,344
12      −2,824
```

ከሠንጠረዡ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ተራ መካከል ያለው ልዩነት 5,841 ብር ነው። ይህ ከሁለት ወር ተኩል በላይ መዋጮ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት r ካለው የአሥራ ሁለቱ ድምር ዜሮ ይሆናል። አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነው፤ ዕቁቡ ራሱ ብር አይፈለፍልም።

ኮምፒውተር ለሌለው ጸሐፊ በእጅ የሚሠራ አቋራጭ አለ፦

```
G(k) ≈ n·c·r·((n+1)/2 − k)
```

በእኛ ምሳሌ n·c·r = 24,000 × 0.02 = 480 ብር ነው። ማለትም እያንዳንዱ የተራ ደረጃ 480 ብር ገደማ ያወጣል። መሃሉ 6.5 ነው፤ ከዚያ ወደፊት በአንድ ተራ በቀደሙ ቁጥር 480 ይጨመራል፣ ወደኋላ በቀሩ ቁጥር 480 ይቀነሳል። ትክክለኛው ስሌት ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተራ 585 ብር፣ ከአሥራ አንደኛው ወደ አሥራ ሁለተኛው 480 ብር ስለሚሰጥ አቋራጩ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ትንሽ ያሳንሳል። ለድርድር ግን ይበቃል።

የኤክሴል ወጥመድ

ሒሳብ የተማረ ሰው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚያስበው የውስጥ ተመላሽ መጠንን ነው፤ ኤክሴል ላይ IRR የሚባለውን። ለዕቁብ ግን ይህ መሣሪያ ያሳስታል።

የመጀመሪያው ሰው በመጀመሪያው ወር የተጣራ 22,000 ብር ይቀበላል፤ ከዚያ ለ11 ወር 2,000 ብር ይጥላል። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ IRR ዜሮ ይላል። የመጨረሻውም ሰው እንዲሁ ነው፤ 11 ወር ጥሎ የተጣራ 22,000 ይቀበላል፣ IRR ዜሮ። አንዱ 3,017 ብር አተረፈ፣ ሌላው 2,824 ብር ከሰረ፣ መሣሪያው ግን ሁለቱንም እኩል አደረጋቸው። ዜሮ ለአንዱ የብድሩ ወለድ፣ ለሌላው የቁጠባው ወለድ መሆኑን አይለይም።

ከሁሉ የሚገርመው ስድስተኛው ሰው ነው። እርሱ 5 ወር ይጥላል፣ ይቀበላል፣ እንደገና 6 ወር ይጥላል። የገንዘቡ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር ስሌቱ ሁለት መልስ አለው፤ ዜሮና በወር 8.8 በመቶ ገደማ። ኤክሴል ፍለጋውን ከ10 በመቶ ስለሚጀምር 8.8ን ሊያወጣ ይችላል። ያንን ያየ ሰው «ስድስተኛ ተራ በዓመት ከመቶ በላይ ያተርፋል» ብሎ ሊደመድም ነው። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው፦ r ከዜሮ በላይና ከ8.8 በመቶ በታች የሆነ ሰው በስድስተኛ ተራ ጥቂት ይጠቀማል፣ ከዚያ ውጭ ያለው ይጎዳል።

ሰብሳቢው ከየዙሩ ከመቶ 3 ማለትም 720 ብር ቢቆርጥ ደግሞ መልኩ ይቀየራል። የሚደርሰው 23,280 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ሰው በወር 0.56 በመቶ፣ በዓመት 6.7 በመቶ ገደማ ወለድ የከፈለ ያህል ነው። የመጨረሻው ሰው በተመሳሳይ መጠን ከቁጠባው ላይ ይቀነስበታል፤ ተመላሹ በዓመት −6.7 በመቶ ገደማ ነው። ለስድስተኛው ሰው ኤክሴል #NUM! ብሎ ያቆማል፤ እኩልታው መልስ የለውምና። እንዲህ ሲል መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት ሳይሆን ጥያቄው ለዚያ ሰው አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ ለዕቁብ የሚሻለው መንገድ r-ን ራስ መርጦ G(k)ን ማስላት ነው።

ሰብሳቢው ክፍያውን በተራ ሲወስድም ስሌቱ ይነግረናል። የመጀመሪያውን ተራ ያለ ዕጣ የሚወስድ ሰብሳቢ በ2 በመቶ ሲሰላ ለዓመት ድካሙ 3,017 ብር አገኘ ማለት ነው። ከየዙሩ 720 ብር የሚቆርጠው ግን በ12 ወር 8,640 ብር ይሰበስባል። «ሰብሳቢው ከኪሳችን ምንም አይነካም፣ አንደኛ ተራ ብቻ ነው የሚወስደው» የሚለው አባባል ሙሉ እውነት ባይሆንም፣ ከቆራጩ ይልቅ ርካሽ ነው።

r የማን ነው?

ስሌቱ ሁሉ በr ላይ ተንጠልጥሏል፤ r ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ደመወዝተኛው ገንዘቡን ዕቁብ ባይጥል ባንክ ያስቀምጠዋል እንበል። የብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ከዚያ ላይ 5 በመቶ የወለድ ግብር ሲነሳ 6.65 በመቶ ይቀራል፣ በወር 0.554። በዚህ r የመጀመሪያው ተራ +759 ብር፣ የመጨረሻው −745 ብር ነው። ለእርሱ መጨረሻ መውጣት የዓመት የባንክ ወለድ ከማጣት አይበልጥም። ጎኑ ለተቀመጠው ነጋዴ ግን ያው ተራ የ2,824 ብር ኪሳራ ነው።

ዋጋ ሲንር r የባንክ ወለድ መሆኑ ይቀራል። ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ለመግዛት ዕቁብ የገባ ሰው r የቆርቆሮው የዋጋ ጭማሪ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ፣ በወር ሲሰላ ከ2 በመቶ በላይ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለመግዛት ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ዕቁብተኞች የሰበሰቡት ብር የሚገዛው በድንገት አነሰ። በሰኔ የደረሰውና በነሐሴ የደረሰው ያው ቁጥር ያለበት ብር ተቀበሉ፤ የተቀበሉት ግን እኩል አልነበረም።

በወላይታ r በዓመቱ ውስጥም ይለዋወጣል። አካባቢው በእንሰት፣ በስኳር ድንችና በበልግ ዝናብ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ከበልጉ አዝመራ በፊት ያሉት ወራት ብዙ ቤት ውስጥ ጓዳ የሚሳሳባቸው ናቸው። በመጋቢት የሚደርስ ብር ለምግብም፣ ለዘርም፣ ለማዳበሪያም ይውላል። በኅዳር ከደረሰው ያው መጠን ይልቅ ለገበሬው የበለጠ ይሠራል። በሌላው ጫፍ ጊፋታ አለ። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ወንዶች ለኮርማ መግዣ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ጎረቤቶች በአንድነት ገዝተው ያርዳሉ። ገንዘቡን ለዚያ በዓል የሚፈልገው ሰው በታኅሣሥ ቢደርሰው ሊያባክነው ይችላልና ቀድሞ መውጣት ለእርሱ ጥቅም ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። ዕቁቡ በጥቅምት ቢጀመርና ደመወዝ በሚወጣበት በወር መጨረሻ ቢሰበሰብ፣ አሥራ ሁለተኛው ተራ መስከረም መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ጊፋታ መስከረም አጋማሽ ላይ ባለ እሁድ ስለሚውል፣ ለበዓሉ ብር የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው አሥራ ሁለተኛው ሳይሆን በነሐሴ የሚወጣው አሥራ አንደኛው ነው። በአንድ ተራ ልዩነት ኮርማው ይታረዳል ወይም ይቀራል። እንዲህ ያለውን ነገር ቋሚ r የያዘ ቀመር አያሳይም፤ ስለዚህ ቀመሩን ከመጠቀም በፊት እያንዳንዱ አባል ገንዘቡን ለምንና ለመቼ እንደሚፈልግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከወለድ የሚበልጠው ጉዳት

እስካሁን ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው እንደሚጥል አድርገን አስበናል። ከደረሰው በኋላ የሚጠፋ ሰው ካለ ስሌቱ ይናጋል። አንድ ሰው ከደረሰው በኋላ የሚቀረው ዕዳ ይህ ነው፦

```
B(k) = c·(n − k)
```

የመጀመሪያው ሰው 22,000 ብር፣ ስድስተኛው 12,000 ብር፣ የመጨረሻው ዜሮ ይቀርበታል። የመጀመሪያው ሰው ብሩን ይዞ ቢሰወርና ቀሪዎቹ ጉድለቱን ተካፍለው በየወሩ 22,000 ብር ቢቀባበሉ፣ አሥራ አንዱም እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ያጣሉ። ለባንክ ቆጣቢው ይህ ከመጨረሻ ተራ ካጣው 745 ብር ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ጉድለቱን ያለመካፈል ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ በየወሩ ተረኛው ሙሉ 24,000 ከተሰጠው ጉድለቱ እየተገፋ ሄዶ መጨረሻ ላይ ባለው ሰው ላይ ይከመራል።

ሲዋን አንደርሰን፣ ዣን ማሪ ባላንና ካርል ኦቬ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ካሉ ማኅበራት ጋር አያይዘው ያሳዩት ይህንኑ ነው። ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ማኅበራዊ ቅጣት ከሌለ ቀድሞ የደረሰው ሰው መክፈሉን ቢያቆም ያዋጣዋል፤ «በሚቀጥለው ዙር አናስገባህም» የሚለው ማስፈራሪያ ብቻውን አይይዘውም። በእኛ አገር ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው። ከቀመሩ የሚወጣው ምክር ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ዋስትናው ለሁሉም እኩል መሆን የለበትም። በሁለተኛ ተራ የሚደርሰው ሰው ለ20,000 ብር፣ በአሥረኛው የሚደርሰው ለ4,000 ብር ዋስ ያቅርብ። አዲስና ያልታወቀ አባል ዋስ ማግኘት ካልቻለ መጨረሻ ላይ ቢመደብ ማንም በእርሱ አይጎዳም።

ሁሉም መዘግየት ግን ክህደት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ መዘግየት የአደባባይ ዜና ነበር። ደመወዝተኞች ብቻ በተሰበሰቡበት ዕቁብ እንዲህ ያለ ወር ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎድላሉ፤ ዋሱም ራሱ ደመወዝ ያልደረሰው ነው። አንድ ወር ቢገፋ ተረኛው n·c·r ያህል፣ በ2 በመቶ 480 ብር፣ ያጣል። ነጋዴና ደመወዝተኛ የተቀላቀሉበት ዕቁብ ይህን አደጋ ይቀንሳል፤ ሁሉም ገቢ በአንድ ቀን አይደርቅምና።

ተራን የማስተካከያ መንገዶች

አንደኛው መንገድ ምንም አለማድረግ ነው፤ ለዕጣ መተው። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የሁሉም ዕድል እኩል ነው። ቤስሊና ባልደረቦቹ ሰዎቹ በፍላጎታቸው አንድ ዓይነት ሲሆኑ ከጨረታ ይልቅ ዕጣ እንደሚሻላቸው አሳይተዋል። ችግሩ አንድ ሰው ለሁለት ሦስት ዙር መጨረሻ ሲወጣ፣ ዕድሉ እኩል ነበር ቢሉት አይጽናናም።

ሁለተኛው መንገድ በሚቀጥለው ዙር ተራውን መገልበጥ ነው፤ አንደኛ የነበረው አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለተኛው አንደኛ። በr = 2 በመቶ ሁለቱን ዙር ደምረን በሁለተኛው ዙር ፍጻሜ ብንመዝነው፣ አንደኛ ከዚያ አሥራ ሁለተኛ የሆነው +1,002 ብር፣ ተቃራኒው −565 ብር ይቀረዋል። ልዩነቱ ከ5,841 ወደ 1,567 ብር ወረደ። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ቀድሞ ያገኘ ሰው የአንድ ዓመት ብልጫ ይዟል። ግን ማንም ሒሳብ ሳይሠራ፣ ወለድ የሚባል ነገር ሳይነሳ፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ በላይ የሆነውን ልዩነት ያጠፋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ለሁለት ዙር ሳይበተኑ መቆየታቸው።

ሦስተኛው መዋጮውን በተራ ማበላለጥ ነው። በኮሪያ ኬ በሚባለው ማኅበር ተራው ከመጀመሪያ ተወስኖ ቀድሞ የሚቀበለው በየወሩ ብዙ፣ ዘግይቶ የሚቀበለው ጥቂት የሚከፍልበት ዓይነት አለ። የሁሉም G(k) ዜሮ እንዲሆን የሚያደርገው መዋጮ ይህ ነው፦

```
c(k) = n·c·(1+r)^(n−k) · r / ((1+r)^n − 1)
```

በ2 በመቶ አንደኛው በወር 2,225 ብር፣ ስድስተኛው 2,015፣ አሥራ ሁለተኛው 1,789 ይጥላል። የአሥራ ሁለቱ መዋጮ ሲደመር በየወሩ ልክ 24,000 ስለሚሆን ሰብሳቢው ጉድለትም ትርፍም አይኖርበትም። በሒሳብ ከሁሉ የጠራው ይህ ነው። በኑሮ ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛ፣ ልዩነቱ በግልጽ ወለድ ስለሆነ ወለድን በእምነታቸው የማይቀበሉ አባላት ያሉበት ዕቁብ አይቀበለውም። ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለቱም በአንድ r መስማማት አለባቸው፤ ነጋዴው 2 በመቶ ሲል ደመወዝተኛው ግማሽ በመቶ ይላል።

አራተኛው መንገድ ዕጣ መሸጥ ነው። ሕንድ ውስጥ ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1982 ሕግ የወጣለት ቺት ፈንድ የሚባል ትልቅ ሥራ ሆኗል፤ በየወሩ ጨረታ ይወጣል፣ ብዙ ለመተው የተስማማው ገንዘቡን ይወስዳል፣ የተተወው ለአባላቱ ይከፋፈላል። እኛ ዘንድ ግን ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል በቃል ያልቃል፤ ዋጋውም በግምት ነው። ቀመሩ እዚህ ላይ ነው ከሁሉ የሚጠቅመው። ተራውን በm ወር ወደኋላ የሚያስተላልፍ ሰው ሊቀበለው የሚገባው፣ በዚያው ቀን የሚከፈል፣ ዋጋ ይህ ነው፦

```
P = n·c·(1 − (1+r)^(−m))
```

አንድ ጉዳይ እንከተል። በሶዶ መርካቶ ሱቅ ያለውና በወር 2 በመቶ የሚያተርፈው ነጋዴ ዘጠነኛ ተራ ወጣ። የባንክ ቆጣቢ የሆነችው መምህርት ሦስተኛ ተራ ደረሳት። ቢለዋወጡ m = 6 ነው። ለመምህርቷ ስድስት ወር መጠበቅ የሚያስወጣት 24,000 × (1 − 1.00554^(−6)) = 783 ብር ነው። ለነጋዴው ስድስት ወር መቅደም የሚያስገኝለት 24,000 × (1 − 1.02^(−6)) = 2,689 ብር ነው። በ783 እና በ2,689 መካከል ያለ ማንኛውም ዋጋ ሁለቱንም ይጠቅማል። በ1,700 ብር ቢስማሙ እርሷ 917፣ እርሱ 989 ብር ይተርፋቸዋል፤ ሌሎቹ አሥሩ ምንም አይነኩም። ያለ ስሌት ግን «ጋሼ፣ እንደው አምስት መቶ ይበቃኛል» ብላ ልትሸጥለት ትችላለች። ያኔ ሳታውቀው 283 ብር ከኪሷ አወጣች።

ዕቁብ በድምሩ ብር አይጨምርም ያልነው ሁሉም አንድ r ሲኖረው ነው። እውነተኛው ጥቅም የሚመጣው r-ው የተለያየ ሰው ሲሰበሰብና ተራው ከፍላጎቱ ጋር ሲገጥም ነው። ቸኳዩ ነጋዴ ከፊት፣ ለጊፋታ የሚያጠራቅመው አሥራ አንደኛ፣ ባንክ ከማስቀመጥ የማይለየው ደመወዝተኛ ከኋላ ሲሆን፣ ያው 24,000 ብር ለሁሉም የበለጠ ይሠራል። ዕጣ ይህን በአጋጣሚ ካልሆነ አያደርገውም።

አንባቢ በሚቀጥለው ዙር ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር በደብተሩ ላይ ቢያስጽፍ ይጠቅመዋል። ተራ መለዋወጥና መሸጥ የተፈቀደ መሆኑንና ሰብሳቢው ፊት እንደሚፈጸም፤ የአንድ ተራ ደረጃ ዋጋ በn·c·r ስንት ብር እንደሆነ፤ እያንዳንዱ ሰው ሲደርሰው ለc·(n−k) ብር ዋስ እንደሚያቀርብ፤ አንድ ሰው ቢጎድል ጉድለቱ በቀሪዎቹ ሁሉ እኩል እንደሚከፈል እንጂ ወደ መጨረሻዎቹ እንደማይገፋ። ከአራቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለበት ግን ሦስተኛውን ይምረጥ። የወለዱ ልዩነት በመቶዎችና ከፍ ሲል በጥቂት ሺህ ብር ነው፤ ያለ ዋስ አንደኛ የወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው 22,000 ብር ነው።